የጥናት ዕቅድን በለጋሹ አርእስትና የገጽ ወሰን ስለ ማደራጀት

በጀዊ የስደተኞች መጠለያ ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ስለሚያቋርጡበት ምክንያት 18 ገጽ የጥናት ዕቅድ አዘጋጅተናል እንበል። ለጋሹ የሚቀበለው ግን በአምስት አርእስት የተከፈለ 8 ገጽ ብቻ ነው።

በቅድሚያ የለጋሹን አርእስት፣ ቃሉንም ተራውንም ሳንለውጥ፣ በባዶ ገጽ ላይ እናሰፍራለን። ገጹን በነጥብ አሰጣጡ መጠን እናከፋፍላለን፤ ከ100 ነጥብ 40 የተመደበለት የጥናት ዘዴ 3 ገጽ ያህል ይደርሰዋል።

ቀጥሎም በነባሩ ረቂቅ ኅዳግ ላይ ለእያንዳንዱ አንቀጽ የሚገባበትን አርእስት ቁጥር እንሰጣለን። ቁጥር ያጣ አንቀጽ ይወጣል፤ አንቀጽ ያጣ አርእስት በአዲስ ይጻፋል። በዚህ ምሳሌ ጎርፍ ካጠቃው የሌይችዎር መጠለያ ሰዎች በ2007 ዓ.ም. ወደ ጀዊ የተዛወሩበት የ4 ገጽ ታሪክ፣ የትምህርቱን መቋረጥ በሚያስረዱ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይጠቃለላል። በአንጻሩ በዘዴው ውስጥ በአንድ መስመር የታለፈው የሥነ ምግባር ጉዳይ ራሱን የቻለ አርእስት ስለሆነ፣ ያለ ወላጅ ለሚኖሩ ሕፃናት ፈቃድ ማን እንደሚሰጥ በዝርዝር ማስረዳት ይገባል።

ፊደሉን በማሳነስ ቦታ መፍጠር መመሪያውን መተላለፍ ነው። ይልቁንስ በመጨረሻ እያንዳንዱ የጥናት ጥያቄ ዘዴና በጀት እንዳለው እናመሳክር፤ መልስ ሰጪ ዘዴው በአሳጥሮ ሂደት የወጣበት ጥያቄ አብሮ መውጣት አለበት።