ምዕራፍ ሰባት፦ ለጆሮ የሚጻፍ የዕቃ ፎቶ

ኢንተርኔት ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው የፎቶውን አልት ጽሑፍ የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ጎግልን እያሰበ ነው። ዕቃው በምስል ፍለጋ ላይ ቶሎ እንዲወጣለት የፍለጋ ቃላትን እየደረደረ ያጭቅበታል። ያ ቦታ ግን መጀመሪያውኑ የተዘጋጀው ፎቶውን ማየት ለማይችል ሰው ነው። ዓይነ ስውር ደንበኛ በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ስክሪን ሪደር ፎቶው ላይ ሲደርስ ጮክ ብሎ የሚያነብለት ይህንኑ ጽሑፍ ነው። ለዚህ ሰው በደንብ የጻፈ ለፍለጋውም እንደጻፈ ይቆጠራል ብዬ አምናለሁ።

ሽሮ ሜዳ የሚሰፉ የሀበሻ ቀሚሶችን አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን የምትሸጥ አንዲት የማውቃት ሴት አለች። ድረ ገጿን የሠራላት ልጅ በመከራት መሠረት በየቀሚሱ ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ለጠፈች፦ «ሀበሻ ቀሚስ ሐበሻ ቀሚስ የባህል ልብስ የሠርግ ቀሚስ ርካሽ ቀሚስ ሽሮ ሜዳ አዲስ አበባ»። ሜሪላንድ የምትኖር ዓይነ ስውር ደንበኛ ለእህቷ ልጅ ሠርግ ልብስ ፈልጋ ገባች። ቤተሰቡ አረንጓዴ ጥበብ ለመልበስ ተስማምቶ ነበር። ሴትየዋ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ብታልፍም ስልኳ የሚነግራት ያንኑ የቃላት ክምር ነው። ሀ እና ሐ ለጆሮ አንድ ስለሆኑ ደግሞ ሁሌም «ሀበሻ ቀሚስ፣ ሀበሻ ቀሚስ» ይላታል። በግምት አዘዘች፤ የደረሳት ቀይ ጥበብ ያለው ሆነ። ደውላም «እህቴ፣ ቀሚሶችሽ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ልብሱ በመላኪያና በመመለሻ ትርፉን በልቶ ተመለሰ።

ያ የቃላት ክምር ሻጯን ለፍለጋውም አልጠቀማትም። ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ አልት ጽሑፍን በፍለጋ ቃላት ማጨቅ ገጹን እንደ አይፈለጌ ይዘት ሊያስቆጥረው እንደሚችል ይናገራል። ከዚያም በላይ፣ ቀሚሶቹ ሁሉ አንድ ጽሑፍ ከያዙ «አረንጓዴ ጥበብ ያለው ቀሚስ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው የትኛው ፎቶ ይቅረብ? ፈላጊው የሚጽፈው ዕቃውን ከሌላው የሚለየውን ነገር ነው፤ ዓይነ ስውሯም ማወቅ የፈለገችው እሱኑ ነው።

ስለዚህ ደንበኛዋ የፈለገችውን ዓይነት ቀሚስ ወስደን እንደገና እንጻፈው። አምስት ፎቶዎች አሉት። የመጀመሪያው ቀሚሱን ከፊት ያሳያል፦

```html
<img src="kemis-arenguade-tibeb.jpg"
     alt="ነጭ የሀበሻ ቀሚስ፣ ከአንገት እስከ ጫፍ አረንጓዴና ወርቃማ ጥበብ ያለው፣ ረጅም እጅጌ">
```

የዕቃው ስም ይቀድማል፤ ወዲያው ልዩ የሚያደርገው ነገር ይከተላል። ቅደም ተከተሉ ለአድማጩ ትልቅ ጥቅም አለው። ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው የማይፈልገውን ነገር እስከ መጨረሻው አይሰማም፤ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ሰምቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። «የቀሚስ ፎቶ» ብሎ መጀመርም አያስፈልግም፤ ምስል መሆኑን መሣሪያው ራሱ ይናገራል።

ሁለተኛው ፎቶ ጥበቡን በቅርብ ያሳያል። እዚህ ላይ «ነጭ የሀበሻ ቀሚስ» ብሎ መድገም አድማጩን ማድከም ነው። «የደረቱ ጥበብ በቅርብ፦ አረንጓዴ መስቀሎች፣ ዙሪያቸው በወርቃማ ክር የተከበበ» ይበሉ። ሦስተኛው «የቀሚሱ ጀርባ፣ ጥበብ የሌለው፣ በዚፕ የሚዘጋ»፤ አራተኛው «አብሮ የሚሸጠው ነጠላ፣ ጥለቱ ከቀሚሱ ጥበብ ጋር አንድ ዓይነት»። አምስተኛው የልክ ሰንጠረዥ ነው፤ ፎቶ ሆኖ መቀመጡ ራሱ ስህተት ነው። የደረትና የወገብ ቁጥር በአልት ጽሑፍ አይደረደርም። ሰንጠረዡ ገጹ ላይ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ያኔ ሁሉም ያነበዋል።

ጨርቁ ፈትል ይሁን መነን፣ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ዋጋውስ ስንት እንደሆነ በመግለጫው ውስጥ ይጻፍ። አልት ጽሑፍ ፎቶው የሚያሳየውን ይናገር። ርዝመቱን በተመለከተ የተወሰነ የፊደል ቁጥር የሚጠቅሱ አሉ፤ እኔ ግን አንድ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ይበቃል እላለሁ።

ዋጋ ካነሳሁ አይቀር አንድ ልማዳችንን ሳልናገር አላልፍም። ዋጋውን፣ ስልክ ቁጥሩንና የሱቁን አድራሻ ፎቶው ላይ በቀለም ጽፎ ከሥሩ አንዲት ቃል ሳያኖሩ መለጠፍ በዝቷል። «ለዋጋው በውስጥ መስመር ይምጡ» የሚለውም አለ። ዋጋን መደበቅ ደንበኛን ማንገላታት ነው፤ ፎቶ ውስጥ መጻፍ ደግሞ ዓይነ ስውሩን ከደጅ መመለስ ነው። ገንዘቡ እንደማንኛውም ሰው ገንዘብ ሆኖ ሳለ ለመጠየቅ እንኳ ሌላ ሰው እንዲለምን ይገደዳል። ፎቶው ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ ከፎቶው ውጭም በጽሑፍ መኖር አለበት።

ሁለት ቦታ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። አንደኛው የዕቃዎች ዝርዝር ገጽ ነው። ፎቶውና የዕቃው ስም በአንድ ሊንክ ውስጥ ካሉ፣ ፎቶውም ያንኑ ስም በአልት ከያዘ፣ አድማጩ እያንዳንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ይሰማል። እዚያ ላይ `alt=""` ብሎ ባዶ መተው ይሻላል፤ ሙሉው ጽሑፍ በዕቃው የራሱ ገጽ ላይ ይኑር። ባዶ መተውና ጨርሶ አለመጻፍ ግን አንድ አይደሉም። ባዶ ሲሆን ስክሪን ሪደሩ ፎቶውን ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ `alt` ጨርሶ ከሌለ ግን `IMG_4821.jpg` እያለ የፋይሉን ስም ሊያነብ ይችላል። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። የአማርኛ ገጽ `lang="am"` ይኑረው፤ የእንግሊዝኛ ገጽ ላይ አልት ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ይጻፍ። የእንግሊዝኛ ድምፅ ፊደላችንን አያውቅም።

እኔ ለሁሉም የምመክረው ፈተና የስልክ ፈተና ነው። ገጹን አይቶ ለማያውቅ ሰው፣ ለአክስትዎ ይሁን ለጎረቤትዎ፣ ይደውሉ። የሦስት ተመሳሳይ ዕቃዎችን አልት ጽሑፍ ብቻ ያንብቡላቸው፤ ምንም አያብራሩ። ከዚያ «አረንጓዴው የቱ ነው? ጥበቡ እስከ ታች የሚወርደውስ?» ብለው ይጠይቁ። በትክክል ከመለሱ ጽሑፉ ሠርቷል። «ሦስቱም ያው አይደሉም እንዴ?» ካሉ መለያው ጎድሏል ማለት ነው። የሚጠይቁዎትንም ልብ ብለው ይስሙ። «እጅጌው እንዴት ነው?» ካሉ እጅጌው ይግባ። በዚያው ጥሪ የተጠቀሙባቸውን ቃላት ይመዝግቡ፤ ሰው ስለ ዕቃው የሚጠይቅበት ቃል ሲፈልገውም የሚጽፈው ቃል ነው። እርስዎ «የአንገት ጌጥ ሥራ» ያሉትን እነሱ በቀላሉ «ጥበብ» ካሉት፣ የእነሱ ይጻፍ።

ከስልክ ፈተናው በኋላ በራስዎ ጆሮ ይስሙት። አንድሮይድ ስልክ ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር ከተደራሽነት ቅንብሮች ውስጥ ይገኛል። ለዊንዶውስ ኮምፒዩተር ኤንቪዲኤ የተባለው በነፃ ይወርዳል፤ አብሮት የሚመጣው ድምፅ አማርኛም ያነባል። ስልኩ ላይ ሲከፍቱት አነካኩ ስለሚለወጥ መዝጊያውን አስቀድመው ይወቁ። አንድ ጊዜ መንካት ይመርጣል፣ ሁለት ጊዜ መንካት ይከፍታል፣ በጣት ወደ ቀኝ መጥረግ ወደሚቀጥለው ያሳልፋል። ስክሪኑን ሳያዩ የራስዎን ሱቅ ከላይ ወደ ታች ይሂዱበት፣ አንድ ዕቃም እስከ ክፍያው ድረስ ለመግዛት ይሞክሩ። የት ላይ እንደተደናገሩ ይጻፉና ብዙ ከሚሸጥልዎት ዕቃ ጀምረው ያርሙ።