የእጅ ትምህርት፦ አልፈታ ያለ የድሪል ቸክ

የኤሌክትሪክ የእጅ ድሪላችን ፑንታውን መጨበጥ ሲያቅተው፣ የሚለወጠው ብዙ ጊዜ ቸኩ ብቻ ነው። ዝም ብለን ከቀጠቀጥነው ግን ዘንጉ ይጣመማል፤ ያን ጊዜ ድሪሉም አብሮ ይጣላል።

በመጀመሪያ ሶኬቱን እንነቅላለን። ቀጥሎ የቸኩን ጥርሶች እስከ መጨረሻው ከፍተን ወደ ውስጥ እንመለከታለን። ወደ ኋላም የሚዞር ድሪል ከሆነ፣ ከሥር አንድ ብሎን ይኖራል። ይህ ብሎን ከሌሎች ብሎኖች ተቃራኒ ነው፤ የሚፈታው ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። ይህን ሳናውቅ እንደ ሌላው ብሎን ለመፍታት ከታገልን፣ ይበልጥ እየጠበቀ ሄዶ ራሱ ይቆረጣል። ብሎን ከሌለ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን።

ቸኩ ራሱ የሚፈታው ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው። ዝገት ከያዘው መጋጠሚያው ላይ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርገን እናሳድራለን። ከዚያ ወፍራም የብሩጎላ ቁልፍ በአጭሩ በኩል ቸኩ ውስጥ አስገብተን እናጠብቃለን። ድሪሉ ሁለት ፍጥነት ካለው ወደ ዝቅተኛው እናደርጋለን። አንዱ ድሪሉን ጠረጴዛ ላይ ይያዝ፤ ሌላው ከቸኩ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ወደ ግራው የተዘረጋውን የቁልፉን ረጅም ክንድ በመዶሻ ወደ ታች አንድ ጊዜ ፈጠን አድርጎ ይምታ። በዝግታ ብንገፋው ዘንጉም አብሮ ይዞራል፤ ድንገተኛ ምት ግን ዘንጉ ሳይከተል ቸኩን ያላቅቀዋል።

ከጥቂት ምት በኋላም ካልተነቃነቀ ኃይል አንጨምር። የተደበቀ ብሎን ቀርቶ እንደሆነ በባትሪ መብራት ደግመን እንይ።