ቀነ ገደብ ሲያልፍ የሚጻፍ ኢሜይል

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። የቢሮና የቤት የገመድ መስመር ከሁለት ሳምንት በኋላ በከፊል ተመለሰ፤ የሞባይል ዳታ ግን እስከ ሐምሌ 16 እንደተቋረጠ ቆየ። የሚከተለው ምልልስ በማግስቱ ቡራዩ ውስጥ የተደረገ ነው። ጠያቂዋ ጀርመን አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ነፃ የትምህርት ዕድል የምታመለክት ወጣት ናት። መላሹ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎችን ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤቷ ናቸው።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ከመላኬ በፊት ይቺን ኢሜይል ይስሙልኝ። «በአገራችን ባለው ሁኔታ ለረጅም ጊዜ ኢንተርኔት ስላልነበረ ማመልከቻዬን በጊዜው ማስገባት አልቻልኩም። የመጣሁት ከዝቅተኛ ቤተሰብ ነው፤ ይህ ዕድል ሕይወቴን ይለውጠዋል። እባካችሁ ተጨማሪ ጊዜ ስጡኝ።»

መላሽ፦ የምታነበው ሠራተኛ ታዝንልሽ ይሆናል፤ ግን በዚህ ምን ታድርግ? የማመልከቻ ቁጥርሽን አታውቅም። ኢንተርኔቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደጠፋ፣ ምን እንደጎደለሽ፣ እስከ መቼ እንደምትፈልጊ አልነገርሻትም። ብዙውን ጊዜ ደግሞ የምትወስነው እሷ ብቻ አይደለችም፤ ኢሜይልሽን ለአለቃዋ ታስተላልፋለች። አለቃዋ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ «ይፈቀድ» ማለት እንዲችል አድርገሽ ጻፊው። የቤተሰብሽን ነገር ለማመልከቻው ድርሰት ተይው። እዚህ ከገባ የቀን ጥያቄሽ የመመረጥ ልመና ይመስላል።

ጠያቂ፦ ቀኑን ልጨምርበት፤ «ከ23/10/2012 እስከ 16/11/2012» ብዬ።

መላሽ፦ እንዲያ ከጻፍሽ ከስምንት ዓመት በፊት የሆነ ነገር አድርገው ያነቡታል። በእነሱ አቆጣጠር ሰኔ 23 ጁን 30 ቀን 2020 ነው፤ ሐምሌ 16 ደግሞ ጁላይ 23። የወሩን ስም በፊደል ጻፊው፤ ቁጥር ብቻ ከሆነ ወሩና ቀኑ ይምታታል። ቀነ ገደቡ መቼ ነበር?

ጠያቂ፦ ጁላይ 15፣ በጀርመን ሰዓት ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው። በእኛ ሐምሌ 8 ለ9 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ማለት ነው።

መላሽ፦ ዋናው ችግርሽ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሠራተኛዋ ጉዳዩን ላጣራ ብላ ብትፈልግ፣ የኢንተርኔት መቋረጥን የሚከታተለው ኔትብሎክስ ያወጣውን ታገኛለች። መስመሩ ጁን 30 ጠዋት እንደተቋረጠ ይነግራታል፤ በጁላይ አጋማሽ በከፊል እንደተመለሰም ይነግራታል። «ታዲያ በቀነ ገደቡ ቀን ኢንተርኔት ነበራቸው» ልትል ትችላለች። አንቺ ዝም ካልሽ የደበቅሽ ይመስላል።

ጠያቂ፦ ግን ለእኔ አልተመለሰም! እኛ ቤት የገመድ መስመር የለም። ላፕቶፔን የማገናኘው በስልኬ ዳታ ነው። መንገዱ ስለማያስተማምን አዲስ አበባ ገብቼ ዋይፋይ ልፈልግ አልቻልኩም።

መላሽ፦ በይ እሱኑ ጻፊው! ለጥያቄሽ መልስ ያለው ይህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው፤ አንቺ ግን ትተሽዋል። መጀመሪያ የተመለሰው የገመድ መስመር እንደሆነ፣ አንቺ የምትጠቀሚው ግን የሞባይል ዳታ እንደሆነና እሱም ጁላይ 23 እንደተመለሰ ራስሽ ቀድመሽ ንገሪያት። የማይመችሽን እውነት ራስሽ ካወጣሽው የቀረውንም ታምንሻለች። የኔትብሎክስን ሪፖርት አድራሻ ከሥር አስገቢላት። የፖለቲካውን ዝርዝር ግን ተይው፤ አገልግሎቱ በመላ አገሪቱ ተቋርጦ እንደነበር ማለት ይበቃል።

ጠያቂ፦ ለ23 ቀን ያህል ተቋርጧልና 23 ቀን ልጠይቅ?

መላሽ፦ የሚጠየቀው የጠፋው ጊዜ ሳይሆን ሥራው የሚፈልገው ጊዜ ነው። ምን ቀርቶሻል?

ጠያቂ፦ ቅጹን ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሞልቼ አስቀምጬዋለሁ። የቀረኝ ትራንስክሪፕቴን ስካን አድርጌ መጫንና የአንድ መምህሬ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። መምህሬ የሚኖሩት ሰበታ ነው፤ ደብዳቤውን የሚልኩበት ሊንክ በኢሜይል ይደርሳቸዋል ተብሎ ነበር።

መላሽ፦ እሳቸውም ተቋርጦባቸው ነበር ማለት ነው። የመምህሩ ሊንክ ብዙ ጊዜ የራሱ መዝጊያ ቀን አለው። ለአንቺ ብቻ ተራዝሞ የእሳቸው ከተዘጋ ማመልከቻሽ ጎደሎ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱንም ጠይቂ። ዛሬውኑ ደውለሽላቸው መቼ መላክ እንደሚችሉ ጠይቂና ከዚያ ቀኑን ወስኚ። ዛሬ ዓርብ ጁላይ 24 ነው፤ እስከሚቀጥለው ዓርብ፣ ጁላይ 31 ድረስ ብትይ ይበቃሻል። አጭርና የተወሰነ ቀን ለመፍቀድ አይከብድም።

ጠያቂ፦ ሱሉልታ ያለች ጓደኛዬም እንዲሁ አምልጧታል። አንድ ላይ እንጻፍ ወይስ የእኔን ትገልብጠው?

መላሽ፦ ሁለቱም አይሆንም። ሁለት አንድ ዓይነት ኢሜይል ከደረሳት የተቀዳ ነው ብላ ትጠራጠራለች። እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ቁጥርና የራሳችሁን ጉድለት ጻፉ። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፤ በሞባይል ዳታ ብቻ የሚጠቀሙ ሌሎች አመልካቾችም ይህ ደርሶባቸው ይሆናል በሉ። ቢሮ ለአንድ ሰው ከሚያዳላ ለሁሉም የሚሆን ውሳኔ ቢሰጥ ይቀለዋል። በይ አሁን ጻፊው፤ ወደ እንግሊዝኛ ኋላ ትመልሽዋለሽ።

ወጣቷ የጻፈችው ይህ ነው፦

> ርዕስ፦ የቀነ ገደብ ማራዘሚያ ጥያቄ፣ የማመልከቻ ቁጥር (…)፣ በኢትዮጵያ የኢንተርኔት መቋረጥ
>
> ጁላይ 15 ቀን 2020 ለተዘጋው ማመልከቻ እስከ ዓርብ ጁላይ 31፣ በእናንተ ሰዓት እስከ 23፡59፣ እንዲራዘምልኝ እጠይቃለሁ።
>
> ከጁን 30 ጀምሮ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በጁላይ አጋማሽ የገመድ መስመር በከፊል ተመልሷል። እኔ በምኖርበት ቡራዩ የምጠቀመው በሞባይል ዳታ ብቻ ሲሆን እሱ የተመለሰው ጁላይ 23 ነው። የኔትብሎክስ ሪፖርት አድራሻ ከታች አለ።
>
> ቅጹ ከመቋረጡ በፊት ተሞልቶ በገጻችሁ ላይ ተቀምጧል። የቀሩት ትራንስክሪፕትና አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ናቸው። የመምህሬ ሊንክም እስከዚያው ቀን ክፍት እንዲሆን እጠይቃለሁ። ገጹን መክፈት ካልተቻለ ሰነዶቹን በኢሜይል መላክ እችላለሁ። በሞባይል ዳታ ብቻ የሚጠቀሙ ሌሎች አመልካቾችም ይህ ደርሶባቸው ይሆናል።

መላሽ፦ አሁን ተሟላ። ጥያቄሽ መጀመሪያው መስመር ላይ መሆኑ ጥሩ ነው። የምትልኪው ግን ማመልከቻውን በከፈትሽበት ኢሜይል ይሁን፤ በሌላ ከሆነ አንቺ መሆንሽን ማጣራት ሊኖርባት ነው።

ጠያቂ፦ መልሱን ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?

መላሽ፦ አትጠብቂ። ትራንስክሪፕቱን ዛሬውኑ ስካን አድርገሽ አዘጋጂው፤ ቢፈቅዱልሽ በዚያው ሰዓት ትጭኚዋለሽ። እስከ ረቡዕ ዝም ካሉ እዚያው ኢሜይል ላይ መልሰሽ በሁለት መስመር አስታውሻቸው፤ አዲስ ኢሜይል አትክፈቺ።

ጠያቂ፦ እምቢ ቢሉስ?

መላሽ፦ ሊሉ ይችላሉ። ፋይሎቹ ለመራጮች ተላልፈው ከሆነ ቢሮው ቢፈልግም ገጹን መልሶ ላይከፍት ይችላል። ያኔ አትከራከሪ። ቅጽሽ ለሚቀጥለው ዙር ይቀመጥ እንደሆነ፣ ያ ዙር መቼ እንደሚከፈት ጠይቂ።

ጠያቂ፦ ዳግመኛ እንዲህ ቢቋረጥስ?

መላሽ፦ ስልክ ከሠራ ውጭ አገር ላለ ዘመድሽ ደውይ። የማመልከቻ ቁጥርሽን ስጪውና ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ሁለት መስመር ይጻፍልሽ፤ «እሷን ወክዬ ነው፣ መስመሩ ሲመለስ ራሷ ትጽፋለች» ይበል። የይለፍ ቃልሽን ግን አትስጪው፤ ማመልከቻውንም እሱ አይላክልሽ። ያቺ አጭር ማስታወቂያ ቀኑ ሳያልፍ መድረሷ በኋላ የምትጽፊውን ሁሉ ትደግፍልሻለች።