ወበቅ ባለበት ስንሮጥ ምን እንልበስ?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ሩጫ ልብስ ነው። «ኮልፌ ብርድ ነው እኮ፣ ምን ያደርግልናል?» እንዳትሉኝ። እኔም እንደዛ ብዬ ነበር። ባለፈው ክረምት ጋምቤላ አጎቴ ጋ ሄጄ በጥጥ ካናቴራ 20 ደቂቃ ያህል ሮጥኩ። ካናቴራው ውኃ ውስጥ የተነከረ መሰለ። ማታ ስታጠብ ብብቴና ጭኔ እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለኝ፤ ለካ ተልጧል!

ላብ የሚያቀዘቅዘን ስለወጣ ሳይሆን ስለሚተን ነው። ወበቅ ባለበት ቦታ አየሩ ራሱ በእንፋሎት ስለተሞላ ላቡ ቶሎ አይተንም፣ ዝም ብሎ ይንጠባጠባል። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ዶሃ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ፀሐይን ለመሸሽ እኩለ ሌሊት ላይ ነበር የተጀመረው። ቢሆንም ሙቀቱ 32 ዲግሪ ገደማ፣ እርጥበቱ ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከ68 ሯጮች 40ዎቹ ብቻ ጨረሱ። የኛዎቹ ሦስቱም አቋርጠው ወጡ።

ከጋምቤላ ስመለስ አንድ ሙከራ ሠራሁ። የጥጥ ካናቴራዬንና የፖሊስተር ማልያዬን ሰፈራችን ያለው ባለሱቅ ሚዛን ላይ አስመዘንኩ። ካናቴራው 150 ግራም፣ ማልያው 130 ግራም ነበር። ሁለቱንም ነክሬ፣ በደንብ ጨምቄ እንደገና ሳስመዝን ካናቴራው 340፣ ማልያው 200 ግራም ሆነ። (ባለሱቁ በጣም ሳቀብኝ።) የጥጥ ክር ውኃውን ወደ ውስጡ ይጠጣዋል። የፖሊስተር ክር ግን አይጠጣም፤ ውኃው በክሮቹ መካከል እየተሳበ ወደ ውጭኛው ገጽ ይወጣና ይሰራጫል። የተሰራጨ ውኃ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። ግን ፖሊስተር ሁሉ አንድ አይደለም። ወፍራምና ድፍን ከሆነ አየር አያስገባም፣ ያፍናል። ሰልቫጅ ስትገዙ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት፤ ቀዳዳዎቹ መታየት አለባቸው። ሰፋ ያለና እጅጌ የሌለው ከሆነ ደግሞ ይሻላል።

የኔን ብብት የላጠው ስፌቱ ነው። የራሰ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ላቡ ሲደርቅ ጨው ይተዋል፤ ስፌቱ በዚያ ላይ በየእርምጃው ይፈትጋል። ልብሱን ገልብጣችሁ ጣታችሁን በስፌቱ ላይ አስኪዱት። እንደ ገመድ ቆሞ ከተሰማችሁ ይልጣል፣ ጠፍጣፋ ከሆነ ጥሩ ነው። ሌላ ልብስ ከሌላችሁ ገልብጣችሁ ልበሱት፣ ስፌቱ ወደ ውጭ ይሆናል። እኔ እንደዛ ለብሼ፣ ብብቴንና ጭኔን ቫዝሊን ተቀብቼ በማግስቱ ሮጥኩ። ቢያቃጥለኝም አልባሰብኝም።

ቀለም የሚጠቅመው ፀሐይ ካለ ብቻ ነው፤ በዶሃው ሌሊት ነጭም ጥቁርም ያው ነው። በቀን ግን ጥቁር ልብስ የፀሐይን ሙቀት ይሰበስባል፣ ነጭ ይመልሰዋል። ገመድ ላይ የተሰጡ ደረቅ ልብሶችን እኩለ ቀን ላይ በእጃችሁ ነክታችሁ ማወዳደር ትችላላችሁ። ነጭ ስስ ልብስ ግን ሲርስ ገላ ያሳያል። ስለዚህ እህቴ ፈዘዝ ያለ ቢጫ መርጣለች።