የሕክምና መድን ክፍያ ጕዞ፦ ከደረሰኝ እስከ ባንክ ሒሳብ

ሰበካ ጉባኤ ለአገልጋዮቹና ለሠራተኞቹ የቡድን የሕክምና መድን ሲገዛ ውሉን የሚፈርመው ራሱ ነው። ስለዚህ ታካሚው ከኪሱ የከፈለውን ገንዘብ ጠይቆ የማስመለሱም ሥራ በአብዛኛው በጽሕፈት ቤቱ ላይ ይወድቃል። የጥያቄውን ጕዞ በአንድ ምሳሌ እንከተል።

አንድ መሪጌታ ታክመው 4,200 ብር ከፈሉ እንበል፤ ለካርድና ለሐኪም 300፣ ለላቦራቶሪ 1,100፣ ለመድኃኒት 2,800። ውሉ ከሚሸፈነው ወጪ 80 በመቶውን ይመልሳል። መሪጌታም 3,360 ብር ይጠብቃሉ።

መጀመሪያ ዋናው ደረሰኝ፣ የመድኃኒት ማዘዣው፣ የሐኪሙ ማስረጃና የላቦራቶሪው ውጤት ከተፈረመው ቅጽ ጋር ይያያዛሉ። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ደረሰኝ ጽሑፉ በሙቀት የሚታተም በመሆኑ ይደበዝዛልና ዕለቱኑ ፎቶ ኮፒ ይደረግ። ቀኑም ይታይ፤ ማዘዣው 03/01/2017 ደረሰኙ 13/09/2024 ቢል ሁለቱም መስከረም 3 ናቸው፤ የዘመን አቈጣጠሩ ካልተጻፈ ግን መርማሪው ቀኑ አይገጥምም ሊል ይችላል።

ማመልከቻው ሲገባ የመዝገብ ቍጥርና የተረከበው ሰው ፊርማ ያለበት ቅጂ እንቀበላለን። ከዚያ በኋላ ዝምታ ቢበዛ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ አንድ ወረቀት ጎድሎ ፋይሉ ወደ ጎን ተቀምጧል፤ ይህን ደውሎ የሚነግረን ግን ላይኖር ይችላል። «አለቀ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ «ገና ነው» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። «ፋይሉ በማን እጅ ነው? የጎደለ ሰነድስ አለ?» ብለን ብንጠይቅ ይሻላል።

ምርመራው ሲያልቅ ውሳኔው 3,040 ብር ሆኖ መጣ። ከመድኃኒቱ ውስጥ 400 ብር የወጣበት ቪታሚን በውሉ አይሸፈንምና ተቀንሶ፣ የቀረው 3,800 ብር በ80 በመቶ ተሰልቷል። ልዩነቱ 320 ብር ነው። መሪጌታ «ሙሉ ክፍያዬን ተቀብያለሁ» የሚለውን ቅጽ ከመፈረማቸው በፊት ዝርዝሩን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከፊርማ በኋላ ጉዳዩን መልሶ ማስከፈት አስቸጋሪ ነው።

የመጨረሻው እጅ ባንክ ነው። በምሳሌያችን ዝርዝሩ የተላከው በክህነት ስማቸው ነበር፤ የባንክ ሒሳባቸው ግን በመታወቂያ ስማቸው ስለ ተከፈተ ገንዘቡ ወደ ላኪው ተመለሰ። ስሙ ተስተካክሎ ዳግም ተላከ። አንዳንድ ጊዜም የብዙ ሠራተኞች ክፍያ ተጠቃልሎ በሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ይገባል። ያን ጊዜ ሒሳብ ሹሙ ከመድን ድርጅቱ የስም ዝርዝሩን ተቀብሎ እያመሳከረ ለየባለቤቱ ያስተላልፋል። ይህ ገንዘብ ለሠራተኞች የሚከፈል ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል እንጂ የቤተ ክርስቲያን ገቢ አይደለምና ለሀገረ ስብከት የሚላከው ፈሰስ ሲሰላ አብሮ አይቈጠርም።