ሲያስይዙ ዝም፣ ሲያወጡ እገዳ

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። በቪፒኤን ገብቼ ከአንድ የውጭ አወራራጅ ድረ ገጽ አሸነፍኩ፤ ላወጣ ስል ሂሳቤ ታገደ። ገንዘቤን ሲቀበል ያልጠየቀኝ መክፈል የለበትም?

መልስ፦ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ውሉ ግን አይደግፍዎትም። ቪፒኤን የሚቀይረው የኢንተርኔት አድራሻዎን ብቻ ነው። ብዙ ድርጅቶች ማንነትን አጥብቀው የሚመረምሩት ወጪ ሲጠየቅ ስለሆነ፣ የመኖሪያ ፈቃድዎና የባንክ ካርድዎ ዱባይ መሆንዎን ያጋልጣሉ። ሲመዘገቡ የተስማሙበት ውል ደግሞ ከተከለከለ አገር፣ ቦታን ደብቆ የተደረገን ውርርድ መሰረዝን ይፈቅዳል። መያዣው ሊመለስ ይችላል፤ ትርፉ ግን ይቀራል። «ብሸነፍ ኖሮ ዝም ይሉ ነበር» ቢሉ ምናልባት እውነት ነው፣ ፍትሐዊም አይመስልም። ግን ለማን አቤት ይላሉ? በኤምሬትስ የ2021 የሳይበር ሕግ ወንጀል ለመፈጸም አድራሻን መደበቅ ከ500,000 ድርሃም ጀምሮ ያስቀጣል፤ ያልተፈቀደ ቁማርም እዚያ ወንጀል ነው።