ኮሮላ ወይስ አቫንዛ? ባልና ሚስት በአንድ ገጽ ማስታወሻ ሲስማሙ

የቤት መኪና ግዢ ከሱቅ ዕቃ ግዢ የሚለየው ገንዘቡን የሚከፍሉት ሁለት ሰዎች ሆነው ሳለ የሚፈልጉት ነገር አንድ አለመሆኑ ነው። ባል ነዳጁንና ዋጋውን ሲያሰላ ሚስት ልጆቹና አማቷ የት እንደሚቀመጡ ታሰላለች። ክርክሩ በቃል ብቻ ሲሆን ድምፁ ከፍ ያለው ይረታል፤ ወይም ደላላው ይረታል። ከዚህ የሚያድነው ዘዴ ቀላል ነው፤ ሁለቱን መኪኖች በወጪ፣ በስፋትና በአስተማማኝነት ነጥብ ሰጥቶ በአንድ ገጽ ማስታወሻ ላይ ማስፈር። ሆኖም ነጥብ አሰጣጡ በትክክል ካልተሠራ ቁጥሩ ራሱ ያሳስታል።

ለማስረጃ ያህል የሚከተለው የአንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ሂሳብ ይታይ። በሂሳቡ የተያዙት ዋጋዎች ለማስተማሪያ እንጂ የገበያ ዋጋ ማስታወቂያ አይደሉም።

ባል የሱቅ ነጋዴ፣ ሚስት የሂሳብ ሠራተኛ ናቸው። ሦስት ልጆችና የባልየው እናት ሲጨመሩ ቤተሰቡ ስድስት ነው። በደላላ በኩል ሁለት ያገለገሉ መኪኖች ቀርበውላቸዋል። አንደኛው ባለ አምስት ወንበር ቶዮታ ኮሮላ በ2,400,000 ብር፣ ሁለተኛው ባለ ሰባት ወንበር ቶዮታ አቫንዛ በ2,800,000 ብር ነው። ገንዘቡ የሚወጣው ከሱቁ መንቀሳቀሻ ስለሆነ ውሳኔው ከተሳሳተ የሚጎዳው ቤቱ ብቻ አይደለም።

ክብደቱ አስቀድሞ ይወሰን

የማስታወሻው የመጀመሪያ መስመር የተጻፈው መኪኖቹ ተነድተው ከመታየታቸው በፊት ነው። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሆነው 100 ነጥብ ለሦስቱ መመዘኛዎች አከፋፈሉ። ባል ለወጪ 60፣ ለስፋት 10፣ ለአስተማማኝነት 30 ሰጡ። ሚስት ለወጪ 40፣ ለስፋት 30፣ ለአስተማማኝነት 30 ሰጡ። አማካዩ 50፣ 20 እና 30 ሆነና ተፈራረሙበት። ይህ ቅደም ተከተል ትርጉም አለው። መኪናውን ወዶ ከመጣ በኋላ ክብደት የሚያከፋፍል ሰው ሳያውቀው ለወደደው መኪና የሚስማማ ክብደት ያወጣል።

ወጪ ማለት ዋጋ አይደለም

ባልየው መጀመሪያ ያሰቡት የ400,000 ብሩን የዋጋ ልዩነት ብቻ ነበር። ሚስትየው ግን መኪናው ለአራት ዓመት ቢያዝና በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ከገዙበት እስኪሸጡት ምን ይወጣል ሲሉ ጠየቁ። ሁሉም በዛሬው ብር እንዲሰላ ተስማሙ። የዋጋ ንረት መኪናውንም ነዳጁንም መለዋወጫውንም አብሮ ስለሚያንር፣ ወደፊት ይንራል የሚለውን ለመኪናው ብቻ መቁጠር ራስን ማታለል ነው።

ኮሮላው ከአራት ዓመት በኋላ ሲሸጥ 480,000 ብር፣ አቫንዛው 700,000 ብር እንደሚቀንስ ያዙ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የመሸጫ ዋጋን መገመት አስቸጋሪ ስለሆነ ሁለቱም ዝቅ ያለውን ግምት መረጡ። ነዳጅ በሊትር 130 ብር ተይዞ፣ ኮሮላው በሊትር 12 ኪሎ ሜትር፣ አቫንዛው 10 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ወጪው 520,000 እና 624,000 ብር ይሆናል። ኢንሹራንስ 240,000 እና 280,000፣ ሰርቪስና ጎማ 220,000 እና 260,000 ብር ተገመቱ።

ብዙ ገዢ የሚዘነጋው አምስተኛው ወጪ የታሰረው ገንዘብ ነው። ይህ ገንዘብ በሱቁ ቢዞር ከዋጋ ንረት በላይ በዓመት 10 በመቶ ያስገኝ ነበር ብለው ያዙ። ስሌቱ የሚሠራው በግዢውና በመሸጫው ዋጋ አማካይ ላይ ነው። ለኮሮላው 864,000፣ ለአቫንዛው 980,000 ብር መጣ። ድምሩ ለኮሮላ 2,324,000፣ ለአቫንዛ 2,844,000 ብር ሆነ። የ400,000 ብሩ ልዩነት 520,000 ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ወደ ነጥብ ሲለወጥ አንድ ወጥመድ ነበር። ባልየው ርካሹን 10፣ ውዱን 0 ሊሰጡ ፈለጉ። ሁለት መኪና ብቻ ሲወዳደር ይህ ዘዴ ትንሹን ልዩነት ግዙፍ ያስመስለዋል፤ ልዩነቱ አንድ ሺህ ብር ቢሆንም ውጤቱ 10 ለ 0 ነው። ስለዚህ መለኪያውን ከመኪኖቹ ውጭ አቆሙት። ለአራት ዓመት 2,000,000 ብር የሚያስወጣ 10፣ ከአቅማቸው ጣሪያ ከ4,000,000 ብር የሚደርስ 0 ይሁን ተባለ። በዚህ መሠረት ኮሮላው 8.4፣ አቫንዛው 5.8 አገኙ።

ስፋት በሜትር ሳይሆን በቁጭታ

ለስፋት ነጥብ የሰጡት ስድስቱም በመኪኖቹ ውስጥ ተቀምጠው ነው። ኮሮላው በሊብሬው ላይ አምስት ወንበር ስላለው ስድስተኛው ሰው ይቀራል። ስድስተኛውን አጨናንቆ መጫን የትራፊክ ጥፋት ከመሆኑም በላይ አደጋ ቢደርስ የካሳ ክርክር ሊያስነሳ ይችላል። አቫንዛው ስድስቱንም ይይዛል፤ ሆኖም ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ከኋላው ለዕቃ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። የአስቤዛ ዘንቢል ሲገባ ጉዳዩ ታየ። ኮሮላው 5፣ አቫንዛው 8 ተሰጣቸው።

አስተማማኝነት የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም

ይህን ነጥብ ለሁለት ከፈሉት። ግማሹ ለሞዴሉ ነው፤ መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል ወይ፣ መካኒኩስ ያውቀዋል ወይ የሚለው። ኮሮላው 9፣ አቫንዛው 7 አገኙ። ቀሪው ግማሽ የቀረበላቸው ያቺው አንዷ መኪና ናት። ለዚህ ሻጭ ያላመጣውን መካኒክ ራሳቸው ከፍለው አስመረመሩ።

አቫንዛው ደህና ሆኖ 8 ተሰጠው። በኮሮላው ግን መካኒኩ ካንዴላዎቹን ፈትቶ የሲሊንደሮቹን ግፊት ሲለካ የአንዱ ከሦስቱ በጣም አነሰ። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምሮ ደግሞ ሲለካ ግፊቱ ከፍ አለ። ይህ ፋሻው ማለቁን ያሳያል፤ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ስለሚደፍነው ነው። ዘይት ተጨምሮም ግፊቱ ባይለወጥ ኖሮ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ወይም ወደ ጓርኒሲዮን ይሄድ ነበር። መካኒኩ ሞተሩን ለመጠገን 180,000 ብር ገመተ። ያቺ መኪና 4 ስታገኝ የኮሮላው አማካይ 6.5፣ የአቫንዛው 7.5 ሆነ።

አንዱን ጉድለት ሁለት ጊዜ መቅጣት

ነጥቡ በክብደቱ ሲባዛ ኮሮላው 715፣ አቫንዛው 675 አገኙ። ባልየው «በቃ፣ አለቀ» አሉ። ሚስትየው «የሞተሩ ጥገናስ?» ብለው 180,000 ብሩን በኮሮላው ወጪ ላይ ደመሩ። ወጪው 2,504,000 ሲሆን የወጪ ነጥቡ ወደ 7.5 ወረደ፤ ድምሩም 670 ሆኖ አቫንዛው አሸነፈ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር። የጥገናው ገንዘብ በወጪ ላይ ከተደመረ ሞተሩ እንደተጠገነ ተቆጥሯል ማለት ነው። እንግዲያውስ አስተማማኝነቱ በተበላሸ ሞተር ነጥብ ሊቀጣ አይገባም። ጥገናው ከተደረገ በኋላ ያቺን መኪና 6 ቢሰጧት የአስተማማኝነት አማካይዋ 7.5 ይሆናል። ድምሩ 700 ሆኖ ኮሮላው እንደገና ቀደመ። አንድ ጉድለት ሁለት ቦታ በመመዝገቡ ብቻ አሸናፊው ተቀይሮ ነበር።

ውጤቱ በምን ይገለበጣል?

የ25 ነጥብ ብልጫ ከ1,000 ላይ ትንሽ ነው። ስለዚህ ክብደቱን እያንቀሳቀሱ ፈተኑት። አስተማማኝነቱ እኩል ስለሆነ ጉዳዩ በወጪና በስፋት መካከል ቀረ። ለወጪ የሚሰጠው ክብደት ከ45 በታች ከወረደና ልዩነቱ ለስፋት ከተሰጠ አቫንዛው ያሸንፋል። በባልየው ክብደት ኮሮላው፣ በሚስትየው ክብደት አቫንዛው አሸናፊ ነው። ጠባቸው ስለ መኪና ሳይሆን ስለ ክብደት እንደነበር ያን ጊዜ ገባቸው።

በገንዘብም አመሳከሩት። ስድስቱም አብረው የሚሄዱት በእሑድና በበዓል፣ በዓመት 60 ጊዜ ያህል ነው። በአራት ዓመት 240 ጉዞ ይሆናል። የሁለቱ መኪኖች የወጪ ልዩነት 340,000 ብር ለእነዚህ ጉዞዎች ሲካፈል ለአንዱ 1,400 ብር ገደማ ይደርሳል። ለትርፉ ሰው ታክሲ መያዝ 400 ብር ነው። «እማማ ብቻቸውን በታክሲ ይሂዱ?» የሚለው የሚስትየው ጥያቄ ግን በብር የሚመለስ አልነበረም።

መውጫው የተገኘው ከክብደቱ ሳይሆን ከዋጋው ነው። በሚስትየው ክብደት ጭምር ኮሮላው እንዲያሸንፍ ሻጩ ምን ያህል መቀነስ አለበት ብለው ወደ ኋላ አሰሉ። የታሰረው ገንዘብ ወጪ አብሮ መቀነሱን ሳይቆጥሩ ቢያንስ 115,000 ብር ገደማ ሆነ። በማስታወሻው ላይ «ከ120,000 ብር በታች ከቀነሰ አቫንዛውን እንገዛለን» ብለው ጻፉና የግፊት ልኬቱን ወረቀት ለደላላው ሰጡት። ደላላው መጀመሪያ 50,000፣ በኋላ 100,000 ብር ይዞ መጣ። አልተቀበሉም። በሦስተኛው ቀን በ130,000 ብር ቅናሽ ተስማሙ፤ በዚህ ዋጋ በባልየውም ሆነ በሚስትየው ክብደት ኮሮላው ይበልጣል።

በማስታወሻው ግርጌ የተጻፈው የመጨረሻ መስመር ስለ ሂሳብ አይደለም። «ስድስታችንም በምንወጣበት ቀን በታክሲ የሚሄዱት እማማ አይሆኑም፤ ተራ በተራ አንዳችን እንሄዳለን» ይላል።